የፖታሲየም ጨው ነበልባል ለምን ቢጫ ይሆናል?

መምህርት ዘወልድያ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በዚህ ሳምንት ከተማሪዎቼ ጋር የነበልባል ፍተሻ ሠርተን ነበር። በኒክሮም ሽቦ ጫፍ ጥቂት ጨው እያነሣን በአልኮል መብራት ነበልባል ውስጥ ስናስገባ ሊቲየም ክሎራይድ ደማቅ ቀይ፣ የመዳብ ክሎራይድ አረንጓዴ፣ ሶዲየም ክሎራይድ ደግሞ ቢጫ ነበልባል ሰጠን። እስከዚህ ድረስ ሁሉም መጽሐፉ እንዳለው ሆነ። ፖታሲየም ክሎራይድ ላይ ስንደርስ ግን ፈዛዛ ሐምራዊ ይሆናል የተባለው ነበልባል ቢጫ ሆኖ አረፈው። ሽቦው እሳት ውስጥ በገባበት ቅጽበት ዳርና ዳሩ ላይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነገር ያየን ይመስለናል፤ ወዲያው ግን ቢጫው ሁሉንም ሸፈነው።

አንዲት ተማሪዬ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው ወደዚህ ያመጣኝ። «የነበልባሉ ቀለም የንጥረ ነገሩ መታወቂያ ከሆነ፣ ሁለት የተለያዩ ንጥረ ነገሮች እንዴት አንድ ዓይነት መታወቂያ ሊይዙ ይችላሉ?» አለችኝ። ጨውዋ ላይ ሶዲየም ተቀላቅሎበት ይሆናል ብዬ መለስኩላት፤ እሷ ግን በዚህ አልረካችም። «ታዲያ ፖታሲየሙ የት ሄደ? የእሱ ኤሌክትሮኖች ለምን ዝም አሉ?» ስትል ቀጠለች። ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ስለሆነ ከኤሌክትሮን የኃይል እርከን ተነሥቶ የሚሰጥ ሙሉ መልስ እፈልጋለሁ። ሽቦውን በየመሃሉ በውኃ ብቻ ነበር የምናጥበው፤ ከእኛ ላቦራቶሪ ሌላ ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

አዕምሮ ፊዚክስ

መምህርት፣ የተማሪዎ ጥያቄ መልስ ቀላል ይመስለኛል። ሙቀት የአቶሙን የመጨረሻ ኤሌክትሮን ወደ ላይኛው የኃይል እርከን ያነሣዋል፤ ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ሲወርድ በሁለቱ እርከኖች መካከል ያለውን ልዩነት በብርሃን መልክ ይለቃል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ብርሃኑ ወደ ሐምራዊ፣ ጠባብ ከሆነ ወደ ቀይ ያደላል። የሶዲየም ቢጫ የሞገድ ርዝመቱ 589 ናኖሜትር ስለሆነ ልዩነቱ 2.1 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የፖታሲየም ሐምራዊ መስመር ግን 404 ናኖሜትር ላይ ስለሚገኝ 3.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይጠይቃል። የአልኮል መብራት ነበልባል ለሶዲየሙ የሚበቃ ሙቀት አለው፤ ለፖታሲየሙ ግን አይበቃም። ስለዚህ የፖታሲየም ኤሌክትሮኖች ዝም ያሉት እሳቱ ስላነሰባቸው ነው። የበለጠ ትኩስ ነበልባል ቢጠቀሙ ችግሩ ይፈታል ብዬ አምናለሁ።

ፎቶሜትር

ለብዙ ዓመታት በአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ በነበልባል ፎቶሜትር ሶዲየምና ፖታሲየም ስለካ ስለኖርኩ፣ ይህ ጥያቄ የዕለት ሥራዬ ነው። ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድሜ የተናገሩት መሠረታዊ ሐሳብ፣ ማለትም የቀለሙ ምንጭ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው የኃይል ልዩነት መሆኑ፣ ልክ ነው። 404 ናኖሜትር ላይ የፖታሲየም መስመር መኖሩም እውነት ነው። ነገር ግን እሱ የፖታሲየም ዋና መስመር አይደለም። የመምህርትን ተማሪ የሚመልሰው ነገር ያለው ዋናው መስመር ላይ ነው።

የፖታሲየም አቶም የመጨረሻ ኤሌክትሮን ዝቅተኛው ቦታው 4s ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሊነሣ የሚችልበት ቅርብ እርከን 4p ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚለቀው ብርሃን 766.5 እና 769.9 ናኖሜትር ላይ የሚወድቁ ሁለት ተቀራራቢ መስመሮች ናቸው። ልዩነቱን በኤሌክትሮን ቮልት ለማግኘት 1240ን በሞገድ ርዝመቱ ማካፈል ይበቃል፤ 1240 ለ766.5 ሲካፈል 1.62 ይሆናል። ለሶዲየም በዚያው መንገድ 1240 ለ589 ሲካፈል 2.1 ይመጣል። እንግዲህ የፖታሲየም የመጀመሪያ እርከን ከሶዲየም ይልቅ ዝቅ ያለ፣ ለመውጣትም የቀለለ ነው። ሐምራዊው የ404 መስመር የሚወጣው ከዚያ በላይ ካለው ከ5p እርከን ኤሌክትሮኑ በቀጥታ ወደ 4s ሲወርድ ነው።

አሁን ነበልባሉ 2000 ኬልቪን፣ ማለትም ወደ 1700 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ ነው ብለን እናስላ። በዚህ ሙቀት በማናቸውም ቅጽበት ከአንድ ሚሊዮን የሶዲየም አቶሞች ውስጥ ኤሌክትሮናቸው ተነሥቶ የሚገኙት 15 ያህል ብቻ ናቸው። የቀሩት ሁሉ በዝቅተኛው ቦታቸው ናቸው፤ ያ ሁሉ ቢጫ ብርሃን የሚመጣው ከእነዚህ ከጥቂቶቹ ነው፤ እነርሱም ወርደው ሌሎች እየተተኩ። ከአንድ ሚሊዮን የፖታሲየም አቶሞች ውስጥ ደግሞ በ4p ላይ የሚገኙት 250 ያህል ናቸው። የፖታሲየም ኤሌክትሮኖች ዝም አላሉም፤ እንዲያውም በቁጥር ከሶዲየሞቹ ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣሉ። ለሐምራዊው መስመር ወደሚያስፈልገው 5p የሚደርሱት ግን ከመቶ ሚሊዮን አቶሞች ስድስት ቢሆኑ ነው።

ታዲያ ለምን አናያቸውም? ምክንያቱ ያለው ነበልባሉ ውስጥ ሳይሆን ዓይናችን ውስጥ ነው። 766 ናኖሜትር የሰው ዓይን ማየት በሚችልበት ዳርቻ ላይ፣ ከጥልቅ ቀይ ወደ ኢንፍራሬድ በሚሻገርበት ቦታ ላይ ይገኛል። ዓይናችን 589 ናኖሜትር ላይ ያለውን ብርሃን 766 ላይ ካለው ይልቅ ከ10 ሺህ እጥፍ በላይ አጉልቶ ይቀበላል። ስለዚህ ጨውዎ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ሶዲየም ቢገባበት እንኳን፣ የፖታሲየሙ ብርሃን በኃይሉ ብዙ ሆኖ ሳለ ለዓይን የሚታየው የሶዲየሙ ቢጫ ብቻ ይሆናል። የእኔ መሣሪያ ዓይን የሌለው ስለሆነ አይታለልም፤ ፖታሲየም ሲለካ ከፊቱ የሚገባው ማጣሪያ ከ766 አካባቢ በቀር ሌላውን ብርሃን ስለሚዘጋበት፣ ሶዲየም በሞላው የአፈር ናሙና ውስጥ ፖታሲየምን ያለችግር ያነብባል።

የበለጠ ትኩስ ነበልባል የሚለውን በተመለከተ፣ እኛ ለፖታሲየም የምንመርጠው ረጋ ያለ ነበልባል ነው። የፖታሲየም አቶም ኤሌክትሮኑን ሙሉ በሙሉ ለማጣት 4.34 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ስለሚበቃው፣ ነበልባሉ በጣም ሲግል አቶሞቹ ወደ አዮን ይለወጣሉ፤ አዮን የሆነው ፖታሲየም ደግሞ በ766 ላይ ምንም ብርሃን አይሰጥም።

ለተማሪዎ እንዲህ ይበሏት፤ መታወቂያው የመስመሮቹ ቦታ ነው። ቀለም ማለት ዓይን እነዚያን መስመሮች ደምሮ የሚሰጠው አንድ ግምት ነው፤ ሲደምርም ሁሉንም በእኩል አይቆጥርም።

እናት ጓዳ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ የተማርኩት ሌላ ሙያ ነው፤ ነገር ግን ስለ ቢጫ ነበልባል ስትነጋገሩ ሳይ አንድ ነገር ልጠይቅ። የጋዝ ምድጃዬ ሰማያዊ የነበረው ነበልባል አንዳንዴ ቢጫ ይሆንብኛል። ሻጩን ስጠይቀው ጋዙ ምንም አልተቀላቀለበትም አለኝ። ከእናንተ ንግግር እንደተረዳሁት ጋዙ ውስጥ ሶዲየም ገብቷል ማለት ነው? ሌላ ቦታ ሄጄ ልግዛ ወይ?

ፎቶሜትር

እህቴ፣ ጥያቄዎ ከርእሱ የራቀ አይደለም፤ ምክንያቱም ሁለት ፍጹም የተለያዩ ቢጫ ነበልባሎች አሉ፤ ለዓይን ግን አንድ ይመስላሉ። ድስቱ ገንፍሎ ጨው ያለበት ውኃ ምድጃው ላይ ሲፈስስ የሚታየውና ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚጠፋው ብርቱካናማ ቢጫ የሶዲየም ነው፤ ምንም ጉዳት የለውም፤ ጋዙንም አይመለከተውም። ምንም ሳይፈስስ ነበልባሉ ዘወትር ቢጫ፣ ረዥምና ልፍስፍስ ከሆነ፣ የድስቱም ቂጥ ጥላሸት የሚያበቅል ከሆነ ግን ያ ሌላ ነው። ጋዙ በቂ አየር ስላላገኘ ሳይቃጠል የቀረ የካርቦን ብናኝ በእሳቱ ግሎ የሚያበራው ብርሃን ነው። ያን ጊዜ መስኮት ይክፈቱ፤ የምድጃውን የአየር ቀዳዳዎችም ያስጠርጉ፤ ምክንያቱም አየር ያነሰው ነበልባል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል።

ለመምህርትም ይህ ልዩነት ይጠቅማል። የጋለ ብናኝ ጠጣር አካል ስለሆነ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያለውን ቀለም ሁሉ ሳያቋርጥ ያወጣል። በጋዝ መልክ ነጻ ሆኖ የሚንሳፈፍ አቶም ግን የእርከኖቹ ልዩነት የፈቀደለትን መስመር ብቻ ይሰጣል። የአልኮል መብራትዎ ነበልባል ጫፍ ላይ ጨው ሳይገባበት የሚታየው ቢጫ ከመጀመሪያው ወገን ሊሆን ስለሚችል፣ ምንም ጨው ሳይኖር ነበልባሉን ብቻውን አይተው መመዝገብ ይገባዎታል።

ሲዲ ቆራጩ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከአሮጌ ሲዲ ቁራጭ፣ ከካርቶንና ከሁለት ምላጭ ስንጥቅ ሠርቼ ስፔክትሮስኮፕ አዘጋጅቻለሁ፤ ምስሉንም በስልኬ አነሣለሁ። ሲዲው ላይ ያሉት ጎድጓዳ ዱካዎች በ1.6 ማይክሮሜትር ስለሚራራቁ ብርሃኑን በደንብ ይበትኑታል። የገበታ ጨው ስሞክር አንድ ጥርት ያለ ቢጫ መስመር አየሁ። ፎቶሜትር ያሉትን አንብቤ ትናንት ማታ በፖታሲየም ክሎራይድ ሞከርኩ። በስልኩ ላይ የታየኝ ያው የሶዲየም ቢጫ መስመር ብቻ ነው፤ በ766 ላይ ምንም የለም። የፖታሲየም መስመር በእርግጥ እንዲህ ብርቱ ከሆነ፣ የሰው ዓይን ያልሆነው ካሜራ ለምን አላየውም?

ሌላም የገረመኝ ነገር አለ። የመዳብ ክሎራይድ ላይ መስመር አልነበረም፤ አረንጓዴና ሰማያዊው ላይ ተዘርግተው የተቀመጡ ብዙ ደብዛዛ ጥቅጥቆች ነበሩ። ስንጥቄ ሰፍቶ ነው ብዬ አጠበብኩት፤ ሶዲየሙ ይበልጥ ሲጠራ መዳቡ ግን እንደዚያው ደብዝዞ ቀረ።

ፎቶሜትር

ስልክዎ እንዳያይ ተደርጎ የተሠራ ነው። የካሜራው ዳሳሽ ራሱ 766 ናኖሜትርን ማየት ይችላል፤ ነገር ግን ፎቶዎች ቀለማቸው እንዳይበላሽ አምራቾች ከፊቱ ኢንፍራሬድንና ጥልቅ ቀይን የሚዘጋ ማጣሪያ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ስልኩን ያስወግዱና ክፍሉን አጨልመው፣ ዓይንዎን ለጥቂት ደቂቃዎች ጨለማው ካለማመዱ በኋላ በሲዲው ውስጥ በቀጥታ ይመልከቱ። ከሊቲየሙ ቀይ መስመር፣ ከ671፣ ርቆ በቀዩ ዳርቻ ላይ በጣም ጠቆር ያለ ቀይ መስመር መፈለግ አለብዎ። ሊቲየሙን አስቀድመው ካዩና ቦታውን ምልክት ካደረጉበት የት እንደሚፈልጉ ያውቃሉ።

ስለ መዳቡ ያስተዋሉት ነገር እጅግ ጥሩ ነው፤ ስንጥቅዎም ጥፋት የለበትም። የመዳብ አቶም ኤሌክትሮን ከዝቅተኛ ቦታው ተነሥቶ ሲመለስ የሚሰጣቸው ዋና መስመሮች 324.8 እና 327.4 ናኖሜትር ላይ፣ ማለትም ዓይን በማያየው አልትራቫዮሌት ውስጥ ናቸው። የምናየውን አረንጓዴና ሰማያዊ የሚሰጡት ነጻ የመዳብ አቶሞች ሳይሆኑ፣ እሳቱ ውስጥ መዳብ ከክሎሪን ጋር ወይም ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን ጋር ተጣምሮ የሚፈጥራቸው ሞለኪውሎች ናቸው። ሞለኪውል ከኤሌክትሮን እርከኖቹ በተጨማሪ አቶሞቹ እርስ በርስ ስለሚርገበገቡና ስለሚሽከረከሩ እያንዳንዱ እርከን ወደ ብዙ ደቃቅ እርከኖች ይከፋፈላል። በዚህም ምክንያት የሚወጣው ብርሃን አንድ መስመር ሳይሆን እጅግ የተቀራረቡ መስመሮች ክምችት ነው፤ በእርስዎ መሣሪያ ጥቅጥቅ ያለ ደብዛዛ ሽፋን ሆኖ የታየዎት እሱ ነው።

ይህ የመዳብ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ስትሮንቲየም ቀይ ነበልባል ይሰጣል እንላለን፤ የስትሮንቲየም አቶም ዋና መስመር ግን 460.7 ናኖሜትር ላይ የሚገኝ ሰማያዊ ነው። ቀዩ የሚመጣው ከስትሮንቲየም ሃይድሮክሳይድ ሞለኪውል ነው። የካልሲየም ጡብማ ቀይም እንደዚሁ ነው፤ አቶሙ የሚሰጠው 422.7 ላይ ሐምራዊ መስመር ነው። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ሰባቱንም ስምንቱንም ቀለም በአንድ ዓረፍተ ነገር «ኤሌክትሮን ወጥቶ ሲወርድ» ብሎ ማስረዳት፣ ለሊቲየም፣ ለሶዲየምና ለፖታሲየም የሚሠራ ሲሆን ለቀሩት ግን ግማሹን ነገር ይሸፍነዋል። ተማሪዎች የመዳብን አረንጓዴ ወስደው የመዳብ አቶምን እርከን ለማስላት ሲሞክሩ አይቻለሁ፤ የሚያገኙት ቁጥር ከአቶሙ ዋና እርከን ጋር ግንኙነት የለውም።

የድሮ መዝገብ

ውይይቱን በደስታ እየተከታተልኩ ነው። የመምህርት ችግር በትክክል ያ ሁሉ ነገር የተጀመረበት ችግር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በሃይደልበርግ ሮበርት ቡንሰን በ1850ዎቹ ጨዎችን በነበልባል ቀለም ለመለየት ሲሞክር፣ የሶዲየሙ ቢጫ ሌላውን እየሸፈነ ስላስቸገረው በባለቀለም መስታወትና በባለቀለም ፈሳሾች ውስጥ አሻግሮ እያየ ያጣራ ነበር። የሥራ ባልደረባው ጉስታቭ ኪርሆፍ ነው ብርሃኑን በፕሪዝም መበተን እንደሚሻል ያሳሰበው። በ1859 እና በ1860 አብረው የሠሩት ሥራ ከዚያ ተወለደ።

ሶዲየም ምን ያህል በየቦታው እንዳለ ለማሳየት የሠሩትም ሙከራ አስደናቂ ነው። ከመሣሪያቸው ርቆ በሚገኘው የክፍሉ ጥግ ላይ 3 ሚሊግራም ሶዲየም ክሎሬት ከወተት ስኳር ጋር ቀላቅለው አነደዱ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በአየር ተበትኖ የደረሰው ብናኝ ነበልባሉ ውስጥ የሶዲየምን መስመር አበራ። ከክፍሉ ስፋት ተነሥተው ሲያሰሉ፣ ዓይን ሊያየው የሚችለው ሶዲየም አንድ ሚሊግራም ለ3 ሚሊዮን ሲካፈል ከሚገኘው ያነሰ መሆኑን አገኙ። እንግዲህ በውኃ ብቻ የታጠበ ሽቦ፣ የተማሪ ጣት የነካው ጫፍ፣ ከመንገድ የገባ አቧራ ምን ያህል ሶዲየም እንደሚያመጣ መገመት ይቻላል።

በ1860 በዱርክሃይም ከሚገኝ የማዕድን ውኃ ባወጡት ጨው ላይ ማንም የማያውቃቸውን ሁለት ሰማያዊ መስመሮች አዩ፤ ሲዚየም የተገኘው እንዲህ ነው። ጨውን በእጅ ለመያዝ በሚበቃ መጠን ለማግኘት ግን ቡንሰን ከ44 ቶን በላይ ውኃ ማስተነን ነበረበት፤ ያገኘውም ጥቂት ግራም ብቻ ነው።

ፎቶሜትር

የሲዚየሙን ነገር ማንሣትዎ መልካም ነው፤ ምክንያቱም ከፖታሲየማችን ጋር አንድ ታሪክ ነው። የሲዚየም ዋና መስመሮች 852 እና 894 ናኖሜትር ላይ ስለሆኑ ቡንሰንም ሆነ ኪርሆፍ በዓይናቸው ሊያዩዋቸው አይችሉም ነበር። ያዩአቸው በ455 እና በ459 ላይ ያሉት ሰማያዊ መስመሮች የሚወጡት ከቅርቡ እርከን ሳይሆን ከእሱ በላይ ካለው ነው፤ ልክ የፖታሲየም 404 ከ5p እንደሚወጣው። በፖታሲየም ላይ ይህ ሁለተኛ መስመር ዓይን በሚሰንፍበት ሐምራዊ ዳርቻ ላይ ሲወድቅ፣ በሲዚየም ላይ ግን ዓይን ደህና አድርጎ በሚያየው ሰማያዊ ላይ ወደቀ።

አዕምሮ ፊዚክስ

ማብራሪያውን ተቀብያለሁ፤ 766ቱ ዋናው መሆኑን አልክድም። አንድ ነገር ግን አሁንም አልተመለሰም። 766 ላይ ያለው ብርሃን ጥልቅ ቀይ ነው። ፖታሲየም ንጹሕ ሲሆን ሁላችንም የምናየው ግን ፈዛዛ ሐምራዊ እንጂ ቀይ አይደለም። እርስዎ እንዳሰሉት በ5p ላይ ያሉት አቶሞች ይህን ያህል ጥቂት ከሆኑ፣ ሐምራዊው ከየት መጣ? የ404 መስመር እርስዎ ከሚሰጡት ቦታ የበለጠ ድርሻ ያለው ይመስለኛል።

ፎቶሜትር

ተገቢ ተቃውሞ ነው፤ ከሒሳቡም ጋር የሚጋጭ ስለሆነ ሊታለፍ አይገባውም። የ404 መስመር ብቻውን ያንን ቀለም ለመስጠት አቅም የሚያንሰው ይመስለኛል። ነበልባል ውስጥ የፖታሲየም አቶም ከሃይድሮክሲል ቡድን ጋር ሲጣመር የሚለቀው፣ መስመር የሌለው ሰፊና ደካማ ብርሃን በሰማያዊውና በሐምራዊው አካባቢ ይታያል። ዓይን ከጥልቁ ቀይና ከዚህ ደካማ ሰማያዊ ድምር ፈዛዛ ሐምራዊ ይሠራል ብዬ አስባለሁ። የእያንዳንዱን ድርሻ ግን በራሴ ለክቼ አላውቅም፤ መሣሪያዬ ፖታሲየምን የሚለካው በ766 ላይ ብቻ ነው። ሲዲ ቆራጩ በዓይናቸው ሲያዩ በሰማያዊው ወገን ላይ ጥርት ያለ መስመር አለ ወይስ የተዘረጋ ብርሃን ብቻ የሚለውን ቢነግሩን ክርክሩን ወደፊት ያራምድልን ነበር።

ሲዲ ቆራጩ

ዛሬ ማታ ያለ ስልክ አየሁ። ሽቦውን ከመጠቀም ይልቅ የእንጨት ስንጥር በተጣራ ውኃ ውስጥ አሳድሬ ከጨዉ ጋር ነከርኩት። በእርግጥ ከሊቲየሙ ምልክት ርቆ ጥቁር ቀይ መስመር አለ፤ ዓይኔን ትንሽ ዘወር ሳደርግ ይጠፋል፤ ስመልሰው ይታያል። የሶዲየሙ መስመር አሁንም ከእሱ ይበልጥ ይደምቃል። በሰማያዊው በኩል ግን ጭጋግ የመሰለ ነገር እንጂ መስመር ብዬ ልምልለት የምችል ነገር አላየሁም። የነበልባሉ የራሱ ሰማያዊ ብርሃንም እዚያው ስለሚያርፍ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

አዕምሮ ፊዚክስ

የነበልባሉ የራሱ ሰማያዊ ካለበት ለእኔም ለፎቶሜትርም ማስረጃ አይሆንም። በዲቪዲ ቢሞክሩት መልካም ነው፤ የዱካው ርቀት 0.74 ማይክሮሜትር ስለሆነ ከሲዲው በእጥፍ አካባቢ ይበትነዋል። መስመር ከሆነ በሰፊው ሲበተንም ቀጭን ሆኖ ይቀራል፤ ጭጋጉ ግን ይበልጥ ይሳሳል።

መምህርት ዘወልድያ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፎቶሜትር እንደመከሩት መጀመሪያ ባዶውን ነበልባል አየን፤ ጫፉ ላይ ቢጫ አለው፤ ከሥሩ ግን ሰማያዊ ነው። ቀጥሎ ሽቦውን ያለ ጨው አስገባነው፤ ቢጫ አበራ! ያ ብቻውን ለተማሪዎቼ ትልቅ ትምህርት ሆናቸው። ከዚያም ሽቦውን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ እየነከርን፣ እያጋልን፣ እንደገና እየነከርን ነበልባሉን ቀለም መስጠት እስኪያቆም ድረስ ደጋገምነው። በዚህ ሽቦ ፖታሲየም ክሎራይዱን ስናየው ሐምራዊው ከበፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ ታየ፤ ቢጫው ግን አሁንም አልቀረም። ጨዉ ከጠርሙሱ ሲወጣ ሶዲየም ይዞ ይሁን፣ ወይስ ከክፍሉ አየር የገባ ይሁን ልንለይ አልቻልንም። የኮባልት መስታወት የለንም። ያለ እሱ ሌላ መንገድ አለ?

ያቺ ተማሪዬ ደግሞ የፎቶሜትርን መልስ ካነበበች በኋላ አዲስ ጥያቄ ይዛ መጥታለች። በመጀመሪያው ቀን «ይህ ጨው ሶዲየም ነው» ብለው የጻፉትን ውጤት እንዴት ታርመው?

ፎቶሜትር

መምህርት፣ አሲዱ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ሽቦው ላይ የተጣበቁትን ኦክሳይዶችና ካርቦኔቶች ወደ ክሎራይድ ይለውጣቸዋል፤ ክሎራይዶች ደግሞ በእሳት ቶሎ ስለሚተኑ ሽቦው ይጠራል። ውኃ ይህን አያደርግም። ቢጫው ከጨዉ ይሁን ከአየሩ ለመለየት፣ የተጠረገውን ሽቦ ያለ ጨው ነበልባሉ ውስጥ ጨው ያለበት ያህል ጊዜ ያቆዩት። ባዶው ሽቦ ቢጫ ካልሰጠ፣ ጨው ያለበት ሲሰጥ ግን ከቀጠለ፣ ሶዲየሙ ያለው ጠርሙሱ ውስጥ ነው። ለትምህርት ቤት የሚሸጥ ፖታሲየም ክሎራይድ ጥቂት ሶዲየም መያዙ የተለመደ ስለሆነ እኔ በዚያ በኩል እጠረጥራለሁ፤ እርግጠኛ የሚያደርገን ግን የባዶው ሽቦ ውጤት ነው።

የኮባልት መስታወት የሚጠቅመው ቢጫውንና ብርቱካኑን ውጦ ሰማያዊውንና ጥልቁን ቀይ ስለሚያሳልፍ ነው፤ 766 በእሱ ውስጥ ያልፋል፤ 589 ይዋጣል። ጥቁር ሰማያዊ የሆነ መስታወት ሁሉ ኮባልት አይደለም። ለመፈተን ንጹሕ የገበታ ጨው ነበልባል በእሱ ውስጥ አሻግረው ይዩ፤ ቢጫው ሙሉ በሙሉ ከጠፋ፣ የቀይ የሊቲየም ነበልባል ግን በተወሰነ መልኩ ከታየ ይሠራልዎታል። አንዱ ካልበቃ ሁለት መስታወት ይደርቡ። ካላገኙ የሲዲ ቆራጩ ካርቶን ከኮባልቱ ይልቅ ይሻላል፤ ምክንያቱም መስታወቱ ቢጫውን ሲያስወግድ የሲዲ ስፔክትሮስኮፕ ግን እያንዳንዱን በቦታው ያሳያል።

አንድ ነገር አደራ ልበል። አልኮልን በሳህን ላይ አፍስሶ ጨው በመጨመር ሁሉንም ቀለም በአንድ ጊዜ የማሳየት ልማድ በተለያዩ አገሮች ተማሪዎችን ክፉኛ አቃጥሏል፤ በተለይ እሳቱ የጠፋ መስሎ ከጠርሙስ ሲጨመርበት። በሽቦና በስንጥር ይቆዩ።

የተማሪዎ ጥያቄ ላይ፣ እኔ ብሆን እንዲህ አስጽፋታለሁ። ቢጫ ነበልባል «ናሙናው ውስጥ ወይም መሣሪያው ላይ ሶዲየም አለ» ይላል፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። «ፖታሲየም የለም» ግን አይልም፤ ይህን ለማለት 766 ላይ ተመልክቶ ማጣት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ማንም እዚያ አልተመለከተም፤ ስለዚህ የዚያ ቀን ውጤት ስለ ሶዲየም ትክክል ነው፤ ስለ ፖታሲየም ደግሞ ገና አልታየም ተብሎ ይጻፍ።

ሲዲ ቆራጩ

ዲቪዲውን ቆርጬ ከመምህርት ጠርሙስ ዓይነት ጨው ጋር በዚህ ቅዳሜ እሞክራለሁ። የነበልባሉን የራሱን ሰማያዊ ለመለየት ያለ ጨው ካየሁት ጋር ጎን ለጎን ሥዬ እዚህ እለጥፈዋለሁ። የሊቲየምን 671 እና የሶዲየምን 589 ለመለኪያ ልጠቀምባቸው ነው፤ በሐምራዊው በኩል ግን የሚታወቅ ምልክት የለኝም። ከ404 አጠገብ የሚወድቅ መስመር ያለው፣ በቤት የሚገኝ መብራት የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ፎቶሜትር

አሮጌ የፍሎረሰንት መብራት ይፈልጉ። ውስጡ ያለው ሜርኩሪ 404.7 ላይ አንድ፣ 435.8 ላይ ደግሞ ከእሱ የሚደምቅ ሌላ መስመር ይሰጣል። የፖታሲየሙ 404.4 ስለሆነ ካለ ከመጀመሪያው ጋር ተደርቦ ማለት በሚቻል ሁኔታ እዚያው ቦታ ላይ መታየት አለበት። አምፖሉን ግን አይስበሩት።